ባዶ የወረደው መኪናም ይቆጠራል

አዳማ ላይ ለደረቅ ጭነት ትራንስፖርት ባለቤቶች፣ ለስምሪት ሠራተኞችና ለሾፌሮች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ።

እንደምን ዋላችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከእናንተ ውስጥ ብዙዎቹ ነገ ጠዋት መኪና የሚያሰማሩ ናቸውና በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ቁጥር ነው። አንድ ቶን ጭነት አንድ ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ስንት ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል? ከላኪዎች ጋር የምትሠሩ ሰዎች ይህ ጥያቄ ሳይደርሳችሁ አይቀርም። አውሮፓ ያለ ትልቅ ቡና ገዢ የድርጅቱን ልቀት ሲያሰላ ቡናው ከመጋዘን እስከ ወደብ የተጓዘበትንም መንገድ ይጨምራል። ገዢው ላኪውን ይጠይቃል፣ ላኪው ደግሞ እናንተን። ያኔ የምትሰጡት ቁጥር ትክክል መሆን አለበት። ከዚያም በላይ ይህ ቁጥር የእናንተው የናፍጣ ወጪ ነው። ሁለቱ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ።

ለመለካት የጭስ ማውጫ ላይ መሣሪያ መግጠም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የተቃጠለውን ናፍጣ በትክክል ማወቅ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 840 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ከ720 ግራም በላይ የሚሆነው ካርቦን ነው። ሲቃጠል እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ከአየር ላይ ሁለት የኦክስጅን አቶሞችን ይዞ ይወጣል። ለዚህ ነው ከአንድ ሊትር ናፍጣ 2.68 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣው። ከሊትሩ ክብደት ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ብዙ ሰው ይገርመዋል። ትርፉ ክብደት የመጣው ከአየሩ ነው።

ሌላም ቁጥር አለ። ናፍጣው ከጉድጓድ ሲወጣ፣ ሲጣራና ሲጓጓዝ የወጣው ሲደመርበት አንድ ሊትር ወደ 3.2 ኪሎ ግራም ይጠጋል። በፈረንጆቹ 2023 የወጣው አይ ኤስ ኦ 14083 የተባለው የትራንስፖርት ልቀት ስሌት መስፈርት ይህንን ሙሉ ቁጥር ነው የሚጠይቀው። እኛ አገር ደግሞ ነገሩ ግልጽ ነው። ናፍጣው ራሱ ከጅቡቲ የሚመጣው በቦቴ ነው፤ ቦቴውም ናፍጣ ያቃጥላል። ዛሬ ስሌቱ እንዳይወሳሰብ በ2.68 እሄዳለሁ። ሪፖርት ስትጽፉ ግን የትኛውን እንደተጠቀማችሁ አብራችሁ ጻፉ። ሁለት ድርጅቶች በተለያየ ቁጥር አስልተው ሲወዳደሩ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

አሁን አንድ ጉዞ ይዘን እንሂድ። ከሞጆ ተነስቶ፣ እዚህ አዳማን አልፎ፣ በመተሐራ፣ በአዋሽ፣ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ በጋላፊ ጅቡቲ ይገባል። መንገዱን 850 ኪሎ ሜትር ብለን እንያዘው። መኪናው ከነተሳቢው 400 ኩንታል፣ ማለትም 40 ቶን ይጭናል። ሲወርድ ባዶውን ነው፤ ሲመለስ ሙሉ ጭኗል። ይህ የመስመሩ የተለመደ ኑሮ ነው፤ አገራችን የምታስገባው ዕቃ በክብደት ከምትልከው እጅግ ይበልጣል።

ለምሳሌያችን ሲወርድ 240 ሊትር ፈጀ እንበል። ሲመለስ 470። ወደብና ኬላ ላይ ቆሞ ሞተር እየሠራ 40። ድምሩ 750 ሊትር ነው። በ2.68 ስናባዛው 2,010 ኪሎ ግራም፣ ሁለት ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። የራሳችሁ መኪና ከዚህ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል። የስሌቱ መንገድ ግን ያው ነው።

የተሠራው ሥራ ምን ያህል ነው? 40 ቶን 850 ኪሎ ሜትር ተጉዟል፤ 34,000 ቶን ኪሎ ሜትር። ሁለት ሺህ አሥሩን ኪሎ ለዚህ ስናካፍል 59 ግራም ይመጣል። ቁጥራችን ይህ ነው።

ስህተቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ሲያሰላ የመልሱን ጉዞ ብቻ ይወስዳል፤ «ጭነቱ የተጓዘው ያኔ ነው» ይላል። 470 ሊትሩን ብቻ ሲያሰላ 37 ግራም ይወጣለታል። ሌላው ደግሞ ሙሉውን 1,700 ኪሎ ሜትር በ40 ቶን አባዝቶ ያካፍላል፤ ባዶ የወረደውንም እንደ ጫነ ይቆጥራል ማለት ነው። እሱ 30 ግራም ያገኛል። ያው መኪና፣ ያው ጉዞ፣ ያው ናፍጣ፤ ቁጥሩ ግን በግማሽ ወረደ። መኪናው ባዶውን ባይወርድ ኖሮ ጭነቱ አይመጣም ነበር። ስለዚህ የባዶው ናፍጣ ከላይ ይደመራል፣ የባዶው ኪሎ ሜትር ግን ከታች እንደ ጭነት አይቆጠርም። መስፈርቱም የሚለው ይህንኑ ነው። ማንም ቁጥር ሲያሳያችሁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ባዶው የት ገባ?» ይሁን።

ቀጣዩ ጥያቄ 750 ሊትሩ ከየት መጣ የሚለው ነው። እኔ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ብዙ ልፋት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና።

አንዳንድ ድርጅት ለእያንዳንዱ ጉዞ የተወሰነ ናፍጣ ይመድባል። ሾፌሩ የተመደበለትን ይወስዳል። ቢተርፈው ትርፉ የሱ ነው፣ ቢጎድለው ከኪሱ ይሞላል። መዝገብ ላይ የሚገባው የተመደበው ሊትር ነው። ከዚህ መዝገብ ተነስታችሁ ልቀት ብታሰሉ ያሰላችሁት ምደባውን ነው፤ ሞተሩ ያቃጠለውን አይደለም። ይህን ማወቅ ቀላል ነው። መዝገቡን ገልጣችሁ ተመልከቱ። ያው መኪና በየጉዞው አንድ ዓይነት ሊትር ከተጻፈለት ማንም አልለካም። እውነተኛ ፍጆታ አይደጋገምም። ነፋሱ፣ ጭነቱ፣ የቆመበት ሰዓት፣ የመንገዱ ጥገና፣ ሁሉም በየጊዜው ይለያያል።

የሚያስተማምነው ዘዴ የቆየ ነው። ከመነሳቱ በፊት ሰልባትዮው ጢም ብሎ ይሞላል። ሁለት ሰልባትዮ ካለው ሁለቱም ይሞላሉ። ሲመለስ ያው ማደያ ይገባና እንደገና ጢም እስኪል ይሞላል። በመንገድ የቀዳው ከመጨረሻው ጋር ይደመራል። ያ ነው የተቃጠለው። መኪናው ለጥ ባለ ቦታ ይቁም፤ ያዘመመ ከሆነ ብዙ ሊትር ያታልላል። ከተቻለ ሁለቱም ጊዜ ጠዋት ይሁን፤ ናፍጣ በሙቀት ይሰፋልና። ኪሎ ሜትሩን ከጂፒኤስ ውሰዱ፤ የቆጣሪው ገመድ የተበጠሰባቸው መኪኖች ጥቂት አይደሉም። ክብደቱን ደግሞ ከሚዛን ወረቀት ውሰዱ። «400 ኩንታል የሚጭን መኪና ነው» ማለት 400 ኩንታል ጭኗል ማለት አይደለም።

በመንገድ የሚቀዳና የሚሸጥ ናፍጣ ካለም በዚህ ዘዴ ይታያል። ያው መኪና በያው መስመር ከሌሎቹ ጉዞዎቹ በድንገት 80 ሊትር ካለፈ ሦስት ነገር ጠርጥሩ፦ ኢንጄክተር፣ የተያዘ ፍሬን፣ ወይም የወጣ ናፍጣ። በዚሁ ቅደም ተከተል መርምሩ። ሾፌሩን ከመክሰስ በፊት ጎማዎቹ መሃል ያለውን ከበሮ ሳትነኩ እጃችሁን ቀረብ አድርጋችሁ እዩት፤ አንዱ ከሌሎቹ እጅግ ከጋለ ፍሬኑ ይዟል።

አሁን ወደ መቀነሱ። ምሳሌያችን ላይ ትልቁ ቀዳዳ ባዶ የሚወርደው መኪና እንደሆነ አይታችኋል። እስቲ 200 ኩንታል ቡና ወይም ሰሊጥ ጭኖ ይውረድ። ናፍጣው ከ240 ወደ 300 ሊትር ይወጣል እንበል። 20 ቶን ተጨምሮ 60 ሊትር ብቻ መጨመሩ አይግረማችሁ። ከዚህ እስከ ባሕሩ ድረስ መንገዱ በጥቅሉ ቁልቁል ነው፤ አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። በተቃራኒው መኪናው ከነተሳቢውና ከነጭነቱ 58 ቶን ቢመዝን፣ ከባሕር ዳርቻ እስከ ሞጆ ለመውጣት ለከፍታው ብቻ 65 ሊትር ገደማ ይፈጃል። የጎማውና የነፋሱ ከዚህ ሌላ ነው። ውጭ አገር ሜዳ ላይ የተለካ የፍጆታ ቁጥር ለዚህ መስመር የማያገለግለውም ለዚህ ነው።

ድምሩ አሁን 810 ሊትር፣ ልቀቱ 2,171 ኪሎ ሆነ። ሥራው ግን ከ34,000 ወደ 51,000 ቶን ኪሎ ሜትር አደገ። ስናካፍል 43 ግራም ገደማ። ከ59 ወደ 43። አንድ ብር የመሣሪያ ወጪ ሳይወጣ ከሩብ በላይ ወረደ።

እዚህ ላይ ግን ሐቁን እንነጋገር። የመኪናው ጠቅላላ ልቀት አልቀነሰም፤ በ161 ኪሎ ጨምሯል። የቀነሰው ለአንድ ቶን የሚደርሰው ነው። በአየር ላይ እውነተኛ ቅናሽ የሚመጣው ያንን ቡና ሊወስድ የነበረ ሌላ መኪና ከቀረ ብቻ ነው። ያኛውም መኪና ባዶውን መውረዱ ካልቀረ የተቀየረው ወረቀቱ ነው። ለዚህ ነው የአንድ ድርጅት ጥረት ብቻውን የማይበቃው። የማኅበራቱ ስምሪት ክፍሎች ባዶ የሚወርዱ መኪኖቻቸውን ዝርዝር ቢለዋወጡ ውጤቱ የመስመሩ ይሆናል።

ቡና ላኪው «ለኔ ጭነት ስንት ደረሰ?» ሲልስ? አንዳንዱ «መኪናው መውረዱ አይቀርም ነበር፤ የኔ ድርሻ የጨመረው 161 ኪሎ ብቻ ነው» ይላል። አትቀበሉት። ያን ከተቀበላችሁ ቀሪው ሁሉ በገቢ ዕቃው ላይ ይጫናል፤ እሱም በተራው ያንኑ ክርክር ያነሳል። ትክክለኛው መንገድ ሙሉውን ዙር በቶን ኪሎ ሜትር ማካፈል ነው። የቡናው ድርሻ 17,000 ቶን ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ2,171 ኪሎው ሲሶው፣ 724 ኪሎ ገደማ።

የወጪ ጭነት ፍለጋ ወሰን እንዳለውም አውቃለሁ። ቡናው ወቅት አለው። ኮንቴይነር የጫነ መኪና ባዶውን ኮንቴይነር የመመለስ ግዴታ አለበት። ጭነት ለማግኘት ሦስት ቀን የቆመ መኪና ገቢ ያጣል። ጭነቱን ለማንሳት ባዶውን ሌላ ከተማ የሄደበት ናፍጣም ከዙሩ ጋር ይደመራል። በየጉዞው አይገኝም። ከአራት ጉዞ አንዱ እንኳ ቢገኝ ግን የዓመቱ ቁጥር ላይ ይታያል።

ቀጥሎ የቆመ ሞተር። ትልቅ የጭነት መኪና ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ሊትር ይፈጃል። ጋላፊ ላይ፣ ወደብ በር ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ሞተር በቀላሉ 20 ሊትር ይጨርሳል። «ሞተር አጥፉ» ብሎ ማስታወቂያ መለጠፍ ግን አይሠራም፤ እኔም አልመክርም። አፋር በረሃ ላይ በዚያ ሙቀት ጋቢና ውስጥ የሚተኛ ሰው ሞተሩን የሚያሠራው ለአየር ማቀዝቀዣው ነው። ያልተኛ ሾፌር ደግሞ በማግስቱ ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው። ስለዚህ ድርጅቱ መጀመሪያ ማድረግ ያለበትን ያድርግ። ጥላና የሚተኙበት ቦታ ካለው ማረፊያ ጋር ይዋዋል፤ ወይም በተጨማሪ ባትሪ የሚሠራ ማራገቢያ ጋቢና ውስጥ ያስገባ። ከዚያም በላይ፣ የወደብ ሰነድ ሳያልቅ መኪና አስቀድሞ ልኮ ማሰለፍን የስምሪት ክፍሉ ይተው። የቆመ ሞተር አብዛኛው ምክንያት ስምሪት እንጂ ሾፌር አይደለም።

ጎማ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የጎማ ንፋስ ከሚገባው በመቶ 10 ሲጎድል የናፍጣ ፍጆታ በመቶ 1 ገደማ ይጨምራል። የተሳቢው ጎማ የሚረሳው ዋናው ነው። ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። አዳማ በብርድ ትክክል የተሞላ ጎማ ገዋኔ ሲደርስ ግፊቱ ከፍ ብሎ ይነበባል። ያንን ዓይቶ «በዛ» ብሎ ማስተንፈስ ስህተት ነው። ሲመለስና ሲቀዘቅዝ ጎማው የጎደለ ይሆናል፤ ያውም ሙሉ ጭኖ ዳገት በሚወጣበት ጊዜ።

አነዳድን በተመለከተ፣ ከሾፌሮች ጋር ብዙ ጊዜ የምከራከርበት ጉዳይ አለ። ቁልቁለት ላይ ማርሹን ፎሌ አድርጎ መልቀቅ ናፍጣ ይቆጥባል የሚለው እምነት። አይቆጥብም። መኪናው ማርሽ ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲንደረደርና እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ሲነሳ፣ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ስለሆነ ናፍጣ መርጨቱ ይቋረጣል። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ራሱን ማሠራት አለበት፤ ስለዚህ ይፈጃል። በዚያ ላይ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ይሆናል። ፍሬን ሲግል ምን እንደሚመጣ ለእናንተ መንገር አይኖርብኝም። ፍጥነትም እንደዚሁ ነው። የአየር ግፊቱ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ለጥ ባለው የአፋር ሜዳ ላይ ከ80 አልፎ መሄድ ጥቂት ደቂቃ አትርፎ ብዙ ሊትር ይወስዳል።

ሥልጠና መስጠት ጥሩ ነው። ብቻውን ግን አይጸናም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የወረደው ፍጆታ ቀስ እያለ ይመለሳል። የሚያጸናው ሾፌሩ የራሱን ቁጥር በየጉዞው ማየቱና ከቁጠባው ድርሻ ማግኘቱ ነው። እዚህ ላይ ባለቤቶችን አደራ የምለው ነገር አለ። መለካት እንደጀመራችሁ ምደባውን አትቁረጡ። የቆጠበ ሾፌር በሚቀጥለው ወር ምደባው ከተቀነሰበት ቁጠባው ቅጣት ሆነበት። ከዚያ በኋላ እውነተኛ ቁጥር አታገኙም። የተረፈው ለሁለት ይካፈል፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን።

ስለ ባቡርና ስለ ኤሌክትሪክ መኪና እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ ደግሞ አብዛኛው ከውሃ ነው። ስለዚህ ኮንቴይነር እስከ ሞጆ በባቡር መጥቶ ከዚያ በመኪና ቢከፋፈል በልቀት በኩል የሚወዳደረው የለም። ደንበኛው የሚጠብቅበት ጊዜ ካለው ይህን ማቅረብ የእናንተም ሥራ ሊሆን ይችላል፤ የመጨረሻውን መንገድ የሚይዘው አሁንም መኪና ነውና። የኤሌክትሪክ መኪና ለረጅሙ መስመር ዛሬ አልመክርም። 40 ቶን ይዞ ያንን ዳገት የሚወጣ ባትሪ ከባድም ውድም ነው፤ በረሃው ላይም የሚሞላበት ቦታ ያስፈልገዋል። ከሞጆ አዳማ ወይም አዲስ አበባ የሚመላለስ፣ ማታ ግቢው የሚገባ መኪና ግን ሌላ ነው። መጀመር የሚቻለው ከዚያ ነው።

መጨረሻ ላይ አንዲት የስምሪት ኃላፊ ጥሩ ጥያቄ አነሳች። «ጎማውን አስተካከልን፣ ናፍጣውም ወረደ እንበል። ከጎማው መሆኑን በምን እናውቃለን?»

መልሴ ይህ ነበር። በአንድ ጉዞ አታውቁትም። ያው መኪና ምንም ሳይቀየር ከጉዞ ጉዞ በመቶ 5ና ከዚያ በላይ ሊለያይ ይችላል። ከጎማ የምትጠብቁት ቅናሽ ደግሞ ከዚያ ያንሳል፤ በልዩነቱ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ መኪኖቹን ለሁለት ክፈሉ። ሞዴላቸውና ዕድሜያቸው ተቀራራቢ ይሁን፤ መስመራቸውም አንድ። ግማሹ ላይ በየሳምንቱ ጠዋት ጎማ ይለካ፣ ግማሹ እንደ ወትሮው ይሂድ። ሁለቱንም ለሦስት ወር ጢም አድርጎ በመሙላት ለኩ፤ ከዚያ የሁለቱን አማካይ አወዳድሩ። የመጀመሪያዎቹ ወርደው ሌሎቹ ባሉበት ከቆዩ ከጎማው ነው። ሁለቱም እኩል ከወረዱ ግን ምክንያቱ መንገዱ፣ ወቅቱ ወይም ጭነቱ ነው፤ የጎማውን ወጪ በዚያ ቁጥር አታጽድቁ።